ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ በብስክሌት፦ አማካይ ፍጥነትንና የመግቢያ ሰዓትን በትክክል ማስላት

በሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ከጅማ አጋሮ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? መንገዱ በአንድ አቅጣጫ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 90 ይመጣል። ብዙ ሰው 90ን ለ20 ያካፍልና አራት ሰዓት ተኩል ይላል። «ዳገቱስ?» ተብሎ ሲጠየቅም «ዳገቱ የወሰደውን ቁልቁለቱ ይመልሰዋል» የሚል መልስ ይሰጣል።

አይመልሰውም። ከታች ደረጃ በደረጃ እንደምንሠራው፣ ይኸው ሰው ፔዳል የሚመታበት ጊዜ ብቻ 5 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ይሆናል። የ52 ደቂቃው ልዩነት የመጣው ሰውየው ስለሰነፈ አይደለም፣ ስሌቱ ከመነሻው ስለተሳሳተ ነው። ምሳና እረፍት ደግሞ ገና አልተቆጠሩም።

ዳገትና ቁልቁለት የማይካካሱበት ምክንያት

በትንሽ ምሳሌ እንጀምር። 10 ኪሎ ሜትር ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ወጣችሁ፣ በዚያው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት በሰዓት 30 ወረዳችሁ እንበል። 10 እና 30 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 20 ስለሚሰጡ አማካይ ፍጥነታችሁ 20 የሆነ ይመስላል። ሰዓቱን ስታዩት ግን ዳገቱ 60 ደቂቃ፣ ቁልቁለቱ 20 ደቂቃ፣ ጠቅላላው 80 ደቂቃ ነው። 20 ኪሎ ሜትር በ80 ደቂቃ ማለት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ የሚሆነው ዳገቱ ላይ የምትቆዩት ቁልቁለቱ ላይ ከምትቆዩት ሦስት እጥፍ ስለሆነ ነው። አማካይ ፍጥነት የሚመዘነው በየፍጥነቱ በተጓዛችሁበት ጊዜ ነው፤ የኪሎ ሜትሩ እኩል መሆን አያድነውም። ስለዚህ ፍጥነትን ከፍጥነት ጋር ደምሮ ማካፈል ፈጽሞ አይሠራም። የሚደመረው ደቂቃ ነው።

ከዚሁ ምሳሌ አንድ ተጨማሪ ነገር እናውጣ። ቁልቁለቱን በ30 ፈንታ በ60 ብትወርዱት የምታተርፉት 10 ደቂቃ ነው። ዳገቱን ከ10 ወደ 12 ብታሳድጉትም የምታተርፉት ያንኑ 10 ደቂቃ ነው። በሰዓት 60 መውረድ ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው፣ ዳገት ላይ 2 ኪሎ ሜትር መጨመር ግን በጥቂት ወር ልምምድ የሚገኝ ነገር ነው። እንዲያውም ቁልቁለቱን በዓይን ጥቅሻ ብትወርዱት እንኳ ዳገቱ የበላው 60 ደቂቃ ስለማይመለስ አማካዩ ከ20 ሊያልፍ አይችልም። የመግቢያ ሰዓታችሁን በትክክል ለማወቅ ከፈለጋችሁ ድካማችሁን ዳገቱን በመለካት ላይ አውሉት።

የዳገት ቁጥራችሁን ፈልጉ

ዳገትን በኪሎ ሜትር በሰዓት መገመት አስቸጋሪ ነው፤ አንዱ ዳገት ላላ ያለ፣ ሌላው ቀጥ ያለ ነውና ፍጥነቱ በየቦታው ይለዋወጣል። ብዙም የማይለዋወጠው በአንድ ሰዓት ስንት ሜትር ወደ ላይ እንደምትወጡ ነው። እግራችሁ የሚያወጣው ጉልበት አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ዳገቱ ሲከብድ ወደፊት የምትሄዱት ይቀንሳል፣ ወደ ላይ የምትወጡት ግን በዚያው አካባቢ ይቆያል። ጉልበቱ በአብዛኛው የሚያልቀው ክብደታችሁን ወደ ላይ በማንሳት ነውና። ይህን ቁጥር እዚህ ላይ የዳገት ቁጥር እንበለው።

ለመለካት ጅማ ውስጥ ምቹ ቦታ አለ፤ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው መንገድ ነው። አለካኩ እንዲህ ነው። ዳገቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቁሙና በስልካችሁ ከፍታ የሚያሳየውን መተግበሪያ ክፈቱ። ሰማዩ ገለጥ ያለበት ቦታ ይሁን፣ ዛፍ ሥር አትቁሙ። ቁጥሩ መዝለሉን አቁሞ እስኪረጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ጻፉት። ከዚያ ሰዓት ያዙና ረጅም ጉዞ ላይ በምትነዱበት አነዳድ ውጡ። አጭር ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር የምትችሉበት አነዳድ ማለታችን ነው፤ እንደ ውድድር አትሩጡት። ላይ ስትደርሱ ሰዓቱን አቁሙ፣ እንደገና ቆማችሁ ከፍታው ሲረጋ ጻፉ።

ለምሳሌ ታች 1,780፣ ላይ 1,930 ቢያሳይና 18 ደቂቃ ቢፈጅ የወጣችሁት 150 ሜትር ነው። 150ን ለ18 አካፍሉና በ60 አባዙ፤ 500 ይመጣል። በሰዓት 500 ሜትር ወደ ላይ ትወጣላችሁ ማለት ነው።

ይህን 500 ግን እንዳለ ለረጅም ጉዞ አትውሰዱት። የተለካው እግር ትኩስ ሆኖ፣ በ18 ደቂቃ ውስጥ ነው። ለጉዞው የመጀመሪያ አጋማሽ 90 በመቶውን ማለትም 450 ያዙ፣ ለሁለተኛው አጋማሽ 80 በመቶውን ማለትም 400። ጥቂት ረጅም ጉዞ ከሄዳችሁ በኋላ የራሳችሁን ቅናሽ ታውቃላችሁ። ውሃና ምግብ ላይ ቸልተኛ የሆነ ሰው በሁለተኛው አጋማሽ 70 በመቶም ላይደርስ ይችላል።

የዳገት ቁጥሩ የሚያገለግለው ከሞላ ጎደል ከ4 እስከ 10 በመቶ ለሆነ ዳገት ነው። 4 በመቶ ማለት በየ100 ሜትሩ መንገድ 4 ሜትር መውጣት ነው። ዳገቱ ከ3 በመቶ በታች ሲሆን ጉልበቱን የሚበላው ከክብደቱ ይልቅ ንፋሱና የጎማው ግጭት ስለሆነ ቁጥሩ እውነት ያልሆነ ፍጥነት ይሰጣችኋል። ለምሳሌ 450ን በ1 በመቶ ዳገት ላይ ብታሰሉት በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ይላችኋል። እንዲህ ያለውን መንገድ ከወጣ ገባው ጋር ቁጠሩት። ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን ደግሞ ማርሹ በቂ ዝቅታ ከሌለው ወርዶ መግፋት ይመጣል፤ ለመግፋት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያዙ።

ዕቃ ከጫናችሁ ቁጥሩን አስተካክሉት። እናንተና ብስክሌታችሁ አንድ ላይ 85 ኪሎ ከሆናችሁና 10 ኪሎ ዕቃ ከጨመራችሁ፣ 450 ሲባዛ በ85 ሲካፈል ለ95፤ 403 ገደማ ይሆናል። ከአጋሮ 10 ኪሎ ቡና አስጭኖ ለመመለስ ያሰበ ሰው ይህችን ስሌት ሳይሠራ መነሳት የለበትም።

ቁልቁለት፣ ሜዳና ወጣ ገባ

ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ጉልበታችሁ ሳይሆን ፍሬናችሁ፣ ኩርባው፣ የአስፋልቱ ሁኔታና ከፊት ያለው ነገር ነው። ከጅማ በሚወጣ በየትኛውም መንገድ ላይ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ ከብትና አህያ ይገጥማችኋል። መለኪያው ለአንድ አፍታ 50 ማሳየቱ የቁልቁለቱ አማካይ 50 ነው ማለት አይደለም። ከላይ እስከ ታች ያለውን ርቀት በፈጀው ጊዜ ስታካፍሉት ብዙ ጊዜ 30 አካባቢ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለስሌት 30 ያዙ፣ ዝናብ ከዘነበ ወይም መንገዱ የተቆፋፈረ ከሆነ 20። ቁልቁለት ላይ ዝቅ አድርጎ መገመት ብዙ አይጎዳም፤ በ10 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት 30 ብላችሁ 35 ብትወርዱ የምትስቱት ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ለሜዳ የሚያዘው ፍጥነት በተለመደ ቀን፣ ብቻችሁን፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት የነዳችሁት ነው። ከጓደኛ ጀርባ ተጠግታችሁ የነዳችሁትን አትያዙ፣ ንፋሱን እሱ ስለሚከላከልላችሁ ቁጥሩ ያታልላችኋል። እዚህ 20 ወስደናል።

ወጣ ገባ ማለት ጉብታዎቹ አጫጭር ሆነው መነሻና መድረሻው በከፍታ የሚቀራረብ መንገድ ነው። ይህን በጉብታ በጉብታ ማስላት ጊዜ ማባከን ነው። ከሜዳው ፍጥነት 10 በመቶ ቀንሱና ለጠቅላላው አንድ ቁጥር ያዙ፤ 20 የነበረው 18 ይሆናል።

ስለ ርቀት መለኪያ አንድ ማሳሰቢያ። በጎማ ዙር የሚቆጥር ትንሽ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነ የገባለት የጎማ ዙሪያ ልክ መሆኑን አረጋግጡ። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ተቀምጣችሁበት ቀጥ ባለ መንገድ አምስት ሙሉ ዙር ሂዱ፣ ርቀቱን በሚሊ ሜትር ለክታችሁ ለአምስት አካፍሉት። እውነተኛው 2,050 ሆኖ ሳለ 2,105 ብላችሁ ከሞላችሁ 90 ኪሎ ሜትሩን ከ92 በላይ አድርጎ ይቆጥረዋል፣ ፍጥነቱንም በዚያው ልክ ያጋንነዋል።

መንገዱን መከፋፈል

አሁን ወደ አጋሮ እንሂድ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ፣ አጋሮ 1,560 ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ መመለሻው ከመሄጃው ቢያንስ 220 ሜትር ይበልጥ ይወጣል፣ ያውም በደከመ እግር። ሁለቱን አቅጣጫዎች ለየብቻ ማስላት ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከታች ያሉትን የየክፍሉን ርዝመትና ከፍታ ለማሳያ እንዲመቹ አስተካክለን የያዝናቸው ናቸው፤ እናንተ ከስልካችሁ ካርታ ላይ ወይም መንገዱን በመኪና አንድ ጊዜ አልፋችሁ በለካችሁት ቁጥር ተኳቸው። አሠራሩ አይለወጥም።

መንገዱን ስትከፍሉ ከአምስት እስከ ስምንት ክፍል ይበቃል። ድንበሩ ዳገት የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ ይሁን፤ ከተማ ወይም የኪሎ ሜትር ምልክት ስላለ ብቻ አትቁረጡ። ለእያንዳንዱ ዳገት የታችኛውንና የላይኛውን ከፍታ ብቻ ውሰዱ። መተግበሪያው «ጠቅላላ የወጣችሁት» ብሎ የሚሰጠውን ድምር አትመኑት፤ የስልክ ከፍታ ሜዳ ላይ እንኳ ጥቂት ሜትር ከፍ ዝቅ ስለሚል እያንዳንዷን ዝላይ እንደ ዳገት ይደምራታል፣ በረጅም መንገድ ላይም በመቶዎች የሚቆጠር የሌለ ሜትር ይፈጥራል።

ሁለቱ ቀመሮች እነዚህ ናቸው፦

```
የዳገት ደቂቃ = የሚወጣው ከፍታ (ሜትር) ÷ የዳገት ቁጥር × 60
የሌላው ደቂቃ = ርቀት (ኪ.ሜ.) ÷ ፍጥነት × 60
```

መሄጃው፦ ከጅማ መውጫ 8 ኪሎ ሜትር ሜዳ በ20 ሲሆን 24 ደቂቃ። ቀጥሎ 7 ኪሎ ሜትር ዳገት፣ ከ1,780 ወደ 2,060፣ የሚወጣው 280 ሜትር። 280ን ለ450 አካፍለን በ60 ስናባዛ 37 ደቂቃ። ከዚያ 12 ኪሎ ሜትር ወጣ ገባ በ18 ሲሆን 40 ደቂቃ። 10 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት በ30 ሲሆን 20 ደቂቃ። በመጨረሻ ወደ አጋሮ የሚያስገባው 8 ኪሎ ሜትር ሜዳ 24 ደቂቃ። ድምሩ 145 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል። አማካዩ በሰዓት 18.6 ኪሎ ሜትር ነው።

መመለሻው፦ ያው 8 ኪሎ ሜትር ሜዳ 24 ደቂቃ። ሲኬድ ቁልቁለት የነበረው 10 ኪሎ ሜትር አሁን 500 ሜትር የሚወጣ ዳገት ሆኗል። እግሩ ስለደከመ የዳገት ቁጥሩን 400 እንይዛለን፤ 500 ሲካፈል ለ400 ሲባዛ በ60፣ 75 ደቂቃ። ወጣ ገባው 40። ሲኬድ ዳገት የነበረው 7 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት በ30፣ 14 ደቂቃ። መጨረሻ ሜዳው 24። ድምሩ 177 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ከ57 ደቂቃ። አማካዩ 15.3 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ጠቅላላው 322 ደቂቃ ነው፤ 5 ሰዓት ከ22 ደቂቃ። የጉዞውን አማካይ ፍጥነት ለማግኘት 18.6ን እና 15.3ን አትደምሩ፣ 90ን ለ322 አካፍላችሁ በ60 አባዙ፤ 16.8 ይመጣል።

እስቲ ሁለቱን ዳገቶች ብቻ እንያቸው። 17 ኪሎ ሜትር ናቸው፣ 112 ደቂቃ በሉ። ቁልቁለቶቹም ልክ 17 ኪሎ ሜትር ናቸው፣ የወሰዱት ግን 34 ደቂቃ። ያን 34 ኪሎ ሜትር ሁሉ በ20 ብንቆጥረው ኖሮ 102 ደቂቃ ይሆን ነበር፣ በእውነቱ 146 ሆኗል። ከ52 ደቂቃው ልዩነት 44ቱ የተደበቀው እዚህ ነው፣ የቀረው 8 ደቂቃ ወጣ ገባው ነው።

በካልኩሌተር ስትሠሩ አንድ ወጥመድ ተጠንቀቁ። 90ን ለ16.8 ብታካፍሉ 5.36 ይላችኋል። ይህ 5 ሰዓት ከ36 ደቂቃ አይደለም። ከነጥብ በኋላ ያለው የሰዓት ክፍልፋይ ስለሆነ 0.36 በ60 ተባዝቶ 22 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ከመነሻው ሁሉንም በደቂቃ ሠርቶ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ሰዓት መለወጥ ከዚህ ስህተት ያድናል።

የምትቆሙበትን ጊዜ መጨመር

322 ደቂቃ ጎማው የሚዞርበት ጊዜ ነው። ውሃ ለመጠጣት፣ ልብስ ለማውለቅ፣ ካቴና ለማስገባት በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ያዙ፤ ሲኬድ 10፣ ሲመለስ 15 ደቂቃ ይሆናል። አጋሮ ላይ ለምሳና ለቡና 40 ደቂቃ። ሲደመር 65 ደቂቃ፣ ጠቅላላው 387 ደቂቃ፣ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ። ቡናው በሦስት ስኒ ሥርዓት የሚቀርብበት ቤት ከገባችሁ 40 ደቂቃው አይበቃም፤ እሱን አስቀድማችሁ ወስኑ።

ጎማ ቢተነፍስ ለመለጠፍና ለመንፋት 20 ደቂቃ ያዙ፣ ግን ከዋናው ድምር ጋር አትቀላቅሉት። ሁለት የመግቢያ ሰዓት ይኑራችሁ፤ አንዱ ሁሉ ነገር ከተቃና፣ ሌላው ጎማ ከተነፈሰ። ለቤተሰብ የሚነገረው ሁለተኛው ነው።

ስልኩ ወይም መለኪያው ጉዞውን ሲያሳያችሁ Moving Time እና Elapsed Time የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታያላችሁ። የመጀመሪያው ጎማ የሚዞርበት ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ከተነሳችሁበት እስከገባችሁበት ያለው ሁሉ። በእኛ ጉዞ አማካዩ በመጀመሪያው 16.8፣ በሁለተኛው 14 ይሆናል። የመግቢያ ሰዓት የሚሰላው በ14ቱ ነው። ከዚህ በፊት የሄዳችሁበትን አማካይ ለአዲስ ጉዞ ስትጠቀሙ የትኛው እንደሆነ ሳታዩ አትውሰዱ።

በእኛ ሰዓት መደመር

ጠዋት 12:45 ተነሳችሁ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከ12 ቀጥሎ 1 ስለሚመጣ 12:45 ላይ 6:27 ብትደምሩ 19:12 ይመጣና ግራ ያጋባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ያለውን መነሻ 0 አድርጉት። 12:45 ማለት 0:45 ነው። 0:45 ሲደመር 6:27፣ ከቀኑ 7:12። ጎማ ከተነፈሰ 7:32።

ስልኩ በ24 ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ከሚያሳየው ላይ 6 ቀንሱ፤ 13:12 የሚለው 7:12 ነው። አንዱን አቆጣጠር ብቻ ይዛችሁ እስከ መጨረሻ ሥሩ። መነሻውን በእኛ፣ መድረሻውን በስልኩ ጽፎ የሚያቀናንስ ሰው ስድስት ሰዓት ይስታል፣ ድካም ላይ ሆኖ ደግሞ ላያስተውለው ይችላል።

መንገድ ላይ ማረም

የክፍሎቹን ማለቂያ ሰዓት በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ መሪው ላይ ለጥፉ፤ ዝናብ እንዳያበላሸው ከላይ በፕላስተር ይሸፈን። በእኛ ስሌት የመጀመሪያው ዳገት ጫፍ የሚደረሰው ከተነሳን 61 ደቂቃ በኋላ፣ 1:46 ላይ ነው። ይህ ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል፣ የቀኑን የዳገት ቁጥር የሚነግራችሁ እሱ ነውና።

ጫፉ ላይ 1:55 ሆነ እንበል። 9 ደቂቃ ዘግይታችኋል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንዱ «9 ደቂቃ ብቻ ነው፣ 7:21 እገባለሁ» ብሎ ማለፍ ነው። ሌላው 61 የነበረው 70 ሆነ ብሎ ጠቅላላ ጉዞውን በዚያው መጠን ማስረዘም ነው።

ትክክለኛው አሠራር መዘግየቱ የት እንደተፈጠረ ማየት ነው። ሜዳው በ24 ደቂቃ ካለቀ ችግሩ ዳገቱ ላይ ብቻ ነው፤ 37 የታሰበለት 46 ፈጅቷል። 46 ሲካፈል ለ37፣ 1.24። ይህን ማባዣ በቀሩት ዳገቶች ላይ ብቻ አውሉት። የቀረው ዳገት የመመለሻው 75 ደቂቃ ነው፤ በ1.24 ሲባዛ 93። ስለዚህ 18 ደቂቃ ይጨመራል። ካለፈው 9 ጋር 27 ደቂቃ፣ አዲሱ መግቢያ 7:39። ሜዳውም ላይ ዘግይታችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ከዳገት ያለፈ ነው፤ ወይ የፊት ንፋስ ነው፣ ወይ ጎማው በቂ አየር የለውም፣ ወይ ፍሬኑ ጎማውን እየነካ ነው። ቆማችሁ የኋላውን ጎማ አንስታችሁ በእጅ አዙሩት፤ ነጻ ሆኖ ካልዞረና ቶሎ ከቆመ ፍሬኑን አላሉት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አዲስ ስሌት ሥሩ።

የዘገየውን ደቂቃ ቁልቁለቱ ላይ እመልሰዋለሁ ማለት ፍሬን መያዝ በሚገባበት ቦታ መልቀቅ ማለት ነው። 10 ኪሎ ሜትሩን በ30 ፈንታ በ40 ብትወርዱ የሚተርፈው 5 ደቂቃ ብቻ ነው። በተለይ የቡና መልቀሚያ ሰሞን መንገዱ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰውና የጭነት እንስሳ ስለሚበዛ 5 ደቂቃዋ ለአደጋው አትመጥንም። የምሳውን እረፍት ከ40 ወደ 30 ማሳጠር 10 ደቂቃ ይሰጣል።

ማስላት ያለብን አንድ ሰዓት ቀርቷል፤ ከአጋሮ ለመነሳት የመጨረሻው ሰዓት። ይህ ወደ ኋላ በመቁጠር ይገኛል። ጅማ ላይ ፀሐይ ቀድማ በምትጠልቅበት በኅዳር ወር ገደማ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ትገባለች፣ ስለዚህ 11:30 ላይ ከተማ ውስጥ መሆን አለባችሁ እንበል። መመለሻው 177 ደቂቃ፣ አጫጭር እረፍቶች 15፣ ለጎማ 20፤ ድምር 212 ደቂቃ፣ 3 ሰዓት ከ32 ደቂቃ። 11:30 ሲቀነስ 3:32፣ 7:58። ዳገቱ በ1.24 የተባዛበት ቀን ከሆነ 18 ደቂቃ ይጨመርና 7:40 ይሆናል። በእቅዱ ከአጋሮ የምትነሱት 4:00 ላይ ስለሆነ ሰፊ ጊዜ አላችሁ። በክረምት ግን ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ የቁልቁለቱን ፍጥነት ወደ 20 ያወርደዋል፤ 14 የነበረው 21 ደቂቃ ይሆናል። ብልሽት አጋጥሟችሁ 7:40 አልፎ አጋሮ ላይ ከሆናችሁ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ አስጭናችሁ ተመለሱ።